ክኒኑም መርፌውም የሚዘጉት አንዱን በር ነው፦ ስለ ሕመም ማስታገሻዎች ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

«ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ለየቅል መድኃኒቶች ስለሆኑ አብሮ መውሰድ ችግር የለውም። ጨጓራን የሚያቃጥለው ክኒኑ ራሱ ነው፤ በልቶ መውሰድ፣ ካልሆነም መርፌውን መወጋት ይበቃል። ኩላሊት የሚጎዳው ለዓመታት ለወሰደ ሰው ነው፤ ሦስት አራት ቀን ውሃ እየጠጡ ቢወስዱት ምንም አያመጣም። ለድሬዳዋ ትኩሳትና ቁርጥማት ደግሞ ፓራሲታሞል አቅም የለውም፤ የሚያነሳው ዲክሎፌናክ ነው።»

አራቱም ነጥቦች የሚወድቁት በአንድ ስህተት ነው። ጸሐፊው መድኃኒቶቹን የለያቸው በሚታዘዙለት ሕመምና በካርቶናቸው ነው። ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው። ያ ቦታ ከታወቀ ሕመሙን የሚያስታግሱበትም፣ ጨጓራን የሚያቆስሉበትም፣ ኩላሊትን የሚያደክሙበትም ምክንያት አንድ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ በቅድሚያ እሱን ላስረዳ።

የሴሎቻችን ሽፋን ውስጥ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል ቅባት አለ። ሴሉ ሲጎዳ ወይም ሲቀሰቀስ ይህ ቅባት ከሽፋኑ ይላቀቃል። ሳይክሎኦክሲጂኔዝ፣ ባጭሩ ኮክስ የሚባለው ኢንዛይም ይቀበለውና ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ከዚያ ለውጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት መልእክተኞች ይወጣሉ። መልእክተኛው አንድ ዓይነት ቢሆንም ሥራው እንደ ደረሰበት ቦታ ይለያያል። ባበጠ ጉልበት ውስጥ የሕመም ነርቮችን ስለት ስለሚጨምር ትንሹ ንክኪ ያማል። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚወስነውን ክፍል ከፍ ስለሚያደርገው ትኩሳት ይመጣል። ጨጓራ ውስጥ የግድግዳውን መከላከያ ያሠራል፤ ኩላሊት ውስጥ የደም መግቢያውን ክፍት አድርጎ ይይዛል። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ደግሞ ከዚሁ መንገድ ትሮምቦክሴን የሚባለውን ያወጣሉ፤ እርስ በርስ የሚጣበቁት በእሱ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን ይህን መንገድ እንደሚዘጋ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በ1982 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አስፕሪን በገበያ ላይ ከዋለ ያኔ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሰን፣ ፒሮክሲካምና ሜሎክሲካምም የሚዘጉት ይህንኑ ኮክስን ነው። ልዩነታቸው በሩን የሚዘጉበት መንገድና ዘግተው የሚቆዩበት ጊዜ ነው።

ኢንዛይሙ ውስጥ ቅባቱ የሚገባበት ጠባብ ቦይ አለ። አይቡፕሮፌን ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከደም ውስጥ መጠኑ ሲቀንስ ወጥቶ ይሄዳል፤ ኢንዛይሙም ወደ ሥራው ይመለሳል። አስፕሪን ግን ገብቶ አይቀመጥም፤ ከራሱ ላይ አሴቲል የሚባል ቁራጭ ቦዩ ውስጥ ለጥፎ ያልፋል። ቁራጩ አይነሳም። አብዛኛው ሴል አዲስ ኢንዛይም ሠርቶ ጉዳቱን ይተካዋል። ፕላትሌት ግን ኒውክለስ ስለሌላት አዲስ መሥራት አትችልም፤ ዕድሜዋ እስኪያልቅ፣ ይኸውም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተዘጋች ትኖራለች። አስፕሪን ራሱ ደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ20 ደቂቃ ገደማ ቢሆንም አንዲት ትንሽ ክኒን በቀን አንዴ ለልብ ሕሙማን የምትበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ሦስቱን መደራረብ አንዱን በር ሦስት ጊዜ መዝጋት ነው። ሕመም ማስታገሱ ጣሪያ አለው፤ ለአዋቂ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን በአንድ ጊዜ ከተወሰደ በኋላ ለተራ ሕመም መጠኑን ቢያበዙት የሚጨመረው እፎይታ ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን ጣሪያ የለውም፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር የጨጓራ መድማቱም የኩላሊቱ ነገርም ይጨምራል። ከሁለተኛው መድኃኒት የሚገኘው በአብዛኛው ጉዳቱ ነው።

መደራረቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳይታወቅ ነው። አንድ ሰው ክሊኒክ ሄዶ የ75 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል። በእጁ 50 ሚሊግራም ክኒን «በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ ይሰጠዋል። ያን ዕለት ሦስቱንም ከዋጠ 75 እና 150 ተደምሮ 225 ሚሊግራም ይሆናል፤ የቀኑ ጣሪያ 150 ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ለራስ ምታቱ አይቡፕሮፌን ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው የፋብሪካው የንግድ ስም ስለሆነ ሁለት ካርቶን ሲታይ ሁለት መድኃኒት ይመስላል። መነበብ ያለበት ከንግድ ስሙ በታች በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው። ዲክሎፌናክን ወይም አይቡፕሮፌንን ከፓራሲታሞል ጋር በአንድ ክኒን ያዋሃዱም አሉ፤ እነሱም የሚቆጠሩት እንደ ዲክሎፌናክና እንደ አይቡፕሮፌን ነው።

አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሲገናኙ ሌላ ጣጣም ይመጣል፤ ይህ ነጥብ ፋርማሲ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ልባቸው ላይ ችግር ተገኝቶ በቀን 81 ወይም 100 ሚሊግራም አስፕሪን የሚወስዱ ሰው ጠዋት መጀመሪያ አይቡፕሮፌን ዋጡ እንበል። አይቡፕሮፌኑ የፕላትሌቷን ቦይ ይይዘዋል። ቀጥሎ የመጣው አስፕሪን መግቢያ ያጣል፤ ዕድሜው ደግሞ አጭር ነውና ቦዩ እስኪለቀቅ ሳይጠብቅ ከደም ይጠፋል። ከሰዓታት በኋላ አይቡፕሮፌኑ ሲወጣ ፕላትሌቷ ያልተነካች ሆና ትገኛለች። ሰውየው አስፕሪናቸውን ውጠዋል፤ ልባቸው ግን ያን ቀን ጥበቃ አላገኘም። የግድ ሁለቱም ካስፈለጉ ሽፋን የሌለው አስፕሪን ይቀድማል፤ አይቡፕሮፌን ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይከተላል። አይቡፕሮፌን ከቀደመ አስፕሪኑ 8 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ከዚህ ሁሉ ፓራሲታሞል ይቀላል፤ ቦዩን አይሻማም። ለልብ የታዘዘውን አስፕሪን ግን ይህን አንብቦ ማቆም አይገባም። በተለይ የልብ ቧንቧው ውስጥ መደገፊያ የገባለት ሰው በድንገት ቢያቆም ቧንቧው በረጋ ደም ሊደፈንበት ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ ውስጥ ቅንጣት እውነት አለ። ክኒን የጨጓራን ግድግዳ በቀጥታ ሲነካ ይለበልባል፤ ምግብ ያን ለብለብ ያለዝበዋል። ነገር ግን ለብለቡና ቁስሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨጓራ ሥጋ የሚፈጭ አሲድ ተሸክሞ ራሱን የማይፈጨው ግድግዳው ላይ ወፍራም ልጋግ ስላለ፣ ከልጋጉ ሥር አሲዱን የሚያረክስ ባይካርቦኔት ስለሚመነጭና ብዙ ደም ስለሚዘዋወርበት ነው። ሦስቱንም የሚያዝዘው ፕሮስታግላንዲን ነው፤ እሱን የሚያመርተው ደግሞ በአብዛኛው ኮክስ 1 የሚባለው የኢንዛይሙ ዓይነት ነው። ዲክሎፌናክ ከመቀመጫ ጡንቻ ተነስቶ በደም ሲዞር ጨጓራን የሚደርስበት ከጀርባ፣ በደም ሥሩ በኩል ነው። ልጋጉ ይሳሳል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ አሲዱ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ መርፌውም፣ በፊንጢጣ የሚገባውም፣ አንጀት ላይ እንዲሟሟ የተሸፈነው ክኒንም ቁስል ያመጣሉ።

በእኛ አካባቢ ምሳ ቀደም ብሎ ተበልቶ፣ ከሰዓቱ በጫት አልፎ፣ እራት ሳይበላ የሚታደርበት ቤት ብዙ ነው። ማታ ላይ ራስ ምታት ሲነሳ ክኒኑ በባዶ ሆድ ይዋጣል። ትንሽ ቁራሽ እንጀራ ማስቀደሙ ማቅለሽለሹን ያስቀራል፤ ጥሩ ነው፤ ከቁስል ያድናል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም።

የከፋው ነገር ቁስሉ ዝም የሚል መሆኑ ነው። ጨጓራው እየቆሰለ ሕመሙን የሚያደነዝዘው ያው መድኃኒት ነው። ደምተው ሆስፒታል ከሚገቡት ውስጥ አብዛኞቹ አስቀድሞ የማቃጠል ስሜት አልነበራቸውም። ስለዚህ «ካላቃጠለኝ አልጎዳኝም» የሚለው መለኪያ አይሠራም። የሚታየው ምልክት ሰገራ ላይ ነው፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅ፣ ከተለመደው የተለየ ክፉ ሽታ ያለው። የብረት ክኒን የምትወስድ እርጉዝ ሴትም ሰገራዋ ይጠቁራል፤ የእሷ ግን አያጣብቅም፣ ያን ሽታም የለውም። ከጥቁረቱ ጋር ሲነሱ ማዞር፣ ላብ ላብ ማለት፣ የልብ ምት መፍጠን ከተጨመረ የጠፋው ደም ብዙ ነውና የሚኬደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ከዚህ በፊት ቁስል ወይም መድማት የነበረበት ሰው ከሁሉም ይብሳል። ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ለልብ አስፕሪን የሚወስድ፣ ሆዱ ውስጥ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት ሰው ይከተላል። ዲክሎፌናክን ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ከሚባሉት ስቴሮይዶች ከአንዱ ጋር አጣምሮ መስጠትም የጨጓራ መድማትን በብዙ ያንራል። «ቶሎ ያነሳል» ተብሎ ሁለቱ በአንድ ቀን ሲወጉ ሕመሙ በርግጥ ይጠፋል፤ የጨጓራው መከላከያም አብሮ ይጠፋል።

ጨጓራን መጠበቂያው በጠዋት ባዶ ሆድ 20 ሚሊግራም ኦሜፕራዞል፣ መድኃኒቱ እስከሚወሰድ ድረስ ነው። አሲዱን ስለሚቀንስ የጨጓራና የላይኛው አንጀት ቁስል በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ በታች ያለውን አንጀት አይጠብቅም። ኩላሊትን ደግሞ ጭራሽ አይነካውም፤ ጸሐፊው ይህን ሳይለይ ማለፉ ነው የሚያሳስበኝ። «ጨጓራዬን ጠብቄአለሁ» ብሎ ዲክሎፌናክን በልበ ሙሉነት የሚቀጥል ሰው በሌላው በኩል ክፍት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባ ቀጭን ቧንቧና የሚያስወጣ ቀጭን ቧንቧ አለው። ማጣራቱ የሚሆነው መሐል ላይ ባለው ግፊት ነው። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ጠበብ ሲል ግፊቱ ይበረታል፤ መግቢያው ሲጠብ ወይም መውጫው ሲሰፋ ይላላል። ጤነኛ ሆኖ ጠጥቶ የሚውል ሰው መግቢያውን ክፍት ለማድረግ ፕሮስታግላንዲን ብዙም አያስፈልገውም። ለዚያም ነው ጎረምሳ ልጅ ለጥርስ ሕመም ሁለት ቀን አይቡፕሮፌን ወስዶ ምንም የማይሆነው፤ የጸሐፊው አባባል ምናልባት ከዚህ ልምድ የመጣ ይሆናል።

ሰውነት ውሃና ጨው ሲያንሰው ነገሩ ይገለበጣል። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የግንቦትና የሰኔ የድሬ ሙቀት ውስጥ ላብ፣ ትኩሳት፣ ይህ ሁሉ ደሙን ያሳንሰዋል። ሰውነት ደሙን ለልብና ለአንጎል ለማቆየት ሌሎቹን ቧንቧዎች ያጠብባል፤ የኩላሊት መግቢያም በዚያ ትእዛዝ ሊጠብ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ኩላሊቱ ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ይመረትና መግቢያውን ክፍት አድርጎ ይይዛል። አንጂዮቴንሲን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ መውጫውን ያጠብባል። በሁለቱ ትብብር ማጣራቱ ይቀጥላል። ዲክሎፌናክ የሚመጣው እዚህ መሐል ነው፤ መግቢያውን የያዘውን እጅ ያስለቅቃል። ይህ ደግሞ ዓመታት ቀርቶ ሳምንትም አይጠብቅም፤ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል።

በምሳሌ እንየው፤ ለማስረዳት የተሰናዳ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የ58 ዓመት እናት አሉ። 62 ኪሎ ይመዝናሉ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራምና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም በየቀኑ ይወስዳሉ። ከሁለት ወር በፊት ኩላሊት ከደም የሚያወጣው ቆሻሻ፣ ክሬቲኒናቸው፣ ተለክቶ 0.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ደህና ነው። ሰኞ ትኩሳት፣ ማስታወክና ብርቱ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጀመራቸው። የ75 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ መርፌ ተወጉ፤ ቤት ሁለት ባለ 50 ክኒን ዋጡ። ማታ ልጃቸው አይቡፕሮፌን 400 ጨመረላቸው። የግፊቱን መድኃኒት እንደ ወትሮው አላቋረጡም። ማክሰኞና ረቡዕም እንዲሁ ቀጠለ።

አሁን ሦስቱ ዓይነት መድኃኒቶች ምን እንዳደረጉ እንቁጠር። የሚያሸናው፣ በማስታወኩና በላቡ ያነሰውን ውሃና ጨው ይብሱን አወጣው። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን እንዳይሠራ ስላደረገ መውጫው ሰፋ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መግቢያው እንዲጠብ አደረጉ። የሚገባው ደም አነሰ፣ መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ተከፈተ፤ መሐል ላይ ግፊት አልቀረም። ሦስቱም ዓይነት ለየብቻው ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ አደጋው በታመሙበት ቀን መገናኘታቸው ነው።

ረቡዕ ቁርጥማቱ ቀለል አላቸው። ቤተሰቡ «ተሻላቸው» አለ። ሽንታቸው ግን በቀን ሁለቴ፣ እንደ ደማቅ ሻይ የጠቆረ፣ ጥቂት ብቻ ሆነ። 62 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር ገደማ፣ በቀን 700 ሚሊሊትር አካባቢ ሊሸና ይገባል፤ አንድ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ በ24 ሰዓት ካልሞላ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ሐሙስ ማቅለሽለሹ ባሰ፣ ድካሙ በረታ። ይህ በቀላሉ ከትኩሳቱ ጋር ይደባለቃል፤ ወገብ አያምም፣ ሽንት አያቃጥልም፣ «ኩላሊቴን ነው» የሚያሰኝ ነገር የለም። ሲለካ የደም ግፊታቸው 100 በ60፣ ክሬቲኒን 2.4፣ ፖታሲየም 5.8 ሆነ። ክሬቲኒን በሰባት ቀን ውስጥ ከነበረበት በአንድ ተኩል እጥፍ ካደገ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል፤ ለእኚህ እናት ወሰኑ 1.35 ነበር። ፖታሲየሙ የጨመረው ኩላሊቱ ስላላወጣው ነው፤ ኢናላፕሪልም የራሱን ጨምሮበታል። የበለጠ ቢወጣ የልብ ምትን ያዛባል።

ሕክምናው ከባድ አይደለም፤ ዋናው በጊዜ መድረሱ ነው። ዲክሎፌናኩና አይቡፕሮፌኑ ይቆማሉ። ኢናላፕሪሉንና የሚያሸናውን ሐኪሙ እስኪያገግሙ ያቆማቸዋል። የጎደለው ፈሳሽ በደም ሥር ይተካል። ሕመሙ በፓራሲታሞል ይያዛል። ማጣሪያው ራሱ ስላልተበላሸና የጎደለው ግፊት ብቻ ስለሆነ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ እኚህ እናት በሳምንቱ ወደ 1.1 ቢወርዱ የሚጠበቅ ነው። ሳይታወቅ ሲቀጥል ግን የማጣሪያው ሴሎች ደም አጥተው ይሞታሉ፤ ያኔ እጥበት ሊያስፈልግ ይችላል።

የውሃውን ምክር በተመለከተ፦ ለሚያስታውክና ለሚያስቀምጠው ሰው ውሃ ብቻ አይበቃም፤ የወጣው ጨውም ነው። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ በየደቂቃው በጥቂቱ መጎንጨት ይሻላል። ይህም ቢሆን ኢናላፕሪልና የሚያሸና ለሚወስድ ሰው ዲክሎፌናክን ደህና አያደርገውም።

ሌላው ጥያቄ «ጨጓራ አይነኩም» ስለሚባሉት እንደ ሴሌኮክሲብ ያሉ መድኃኒቶች ነው። እነሱ በአብዛኛው የሚዘጉት እብጠት ሲኖር የሚበዛውን ኮክስ 2ን ስለሆነ ለጨጓራ በርግጥ ይቀላሉ። ኩላሊት ግን ሁለቱንም ዓይነት በጤናውም ጊዜ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ከላይ ባለው ምሳሌ ውስጥ ዲክሎፌናክን በሴሌኮክሲብ ብንተካው ውጤቱ ያው ነው።

ውሃ ላላነሰው ሰውም ኩላሊቱ ጨው ስለሚያስቀር የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ በአማካይ ጭማሪው ትንሽ ቢሆንም የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ መድኃኒቱ ሥራ ያቆመ እስኪመስል ሊደርስ ይችላል። ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ልቡ ደካማ የሆነ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ከ20 ሳምንት ያለፈች እርጉዝ ደግሞ እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የለባትም፤ የሽሉ ኩላሊትም በፕሮስታግላንዲን ስለሚሠራ ሽንቱ ይቀንሳል፣ የእንሽርት ውሃውም ያንሳል።

ለዚህ ሁሉ ፋርማሲ መስኮቱ ላይ የሚያስፈልገው ሁለት ጥያቄ ነው።

«እማማ፣ ሌላ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የግፊቱን ማለትህ ነው ልጄ? እሱንማ አላቋረጥኩም።»

«ዛሬስ ሽንትዎን ስንት ጊዜ ሸኑ?»

የመጀመሪያው መልስ ብቻ ዲክሎፌናኩን ወደ መደርደሪያው ለመመለስ ይበቃል። ለአንድ ጉልበት ወይም ለአንድ ትከሻ ሕመም ከሆነ ደግሞ የዲክሎፌናክ ቅባት አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቀድሞ ሊሞከር የሚገባው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ለሌላ ከተማ ቢጻፍ ያን ያህል ባልተከራከርኩ። ድሬዳዋ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን ላይ የምትናከስ፣ ውሃ በተጠራቀመበት በርሜልና ጀሪካን የምትራባ ትንኝ ናት። ሁለቱም በድንገተኛ ትኩሳትና በቁርጥማት ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን መለየት ያስቸግራል። ቺኩንጉንያ ላይ መገጣጠሚያው ይብሳል። ደንጊ ላይ ግን ፕላትሌት ይወርዳል፣ ጨጓራና ድድ ሊደሙ ይችላሉ፣ ከዚያም አልፎ የደሙ ውሃ ከደም ሥር ወደ ውጭ ይሾልካል። እንግዲህ ከላይ ያልነውን ሁሉ እዚህ ላይ እናስቀምጠው፦ ቁጥራቸው ያነሰ ፕላትሌቶች የቀሩትም እንዳይጣበቁ ይደረጋሉ፤ የጨጓራው ግድግዳ መከላከያውን ያጣል፤ ደሙ ባነሰበት ሰዓት የኩላሊት መግቢያ ይዘጋል። አስፕሪን ከሁሉም የከፋ ነው፤ የዘጋት ፕላትሌት ሕመሙ እስኪያልፍ አትመለስም። ለልጆችና ለአፍላ ወጣቶች ደግሞ በቫይረስ ትኩሳት ጊዜ አስፕሪን ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃውን የሬይ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ጭራሽ አይሰጥም።

ስለዚህ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የትኩሳትና የቁርጥማት መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው። ከአንጎል ውጭ ባሉ የሰውነት ክፍሎች ኮክስን የሚነካው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ እብጠት አያጠፋም፤ ጨጓራንና ፕላትሌትንም የሚተዋቸው በዚያው ምክንያት ነው። «አቅም የለውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ባለ 500 ክኒን ጠዋትና ማታ ተውጦ ነው። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ በየ6 ሰዓቱ ሁለት ባለ 500 ክኒን መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን ግን ፈጽሞ አይለፍ። በሌላ የጉንፋን ክኒን ውስጥ የተደባለቀው ፓራሲታሞልም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ኪሎው ላነሰ፣ ብዙ አልኮል ለሚጠጣ ወይም ለቀናት ላልበላ ሰው መጠኑ ዝቅ ይላል። ፓራሲታሞሉ በሙሉ መጠኑ ተወስዶ ሕመሙ ካልተቻለ ሐኪሙ ትራማዶልን የመሰለ ኮክስን የማይነካ ማስታገሻ ሊያዝ ይችላል።

በደንጊ አስጊው ጊዜ ትኩሳቱ የሚወርድበት፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ያለው ነው። ትኩሳቱ ወርዶ ሆድ አጥብቆ ማመም፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ ከመጣ የደም ምርመራውና ፈሳሹ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዲክሎፌናክ ተወስዶ ከሆነ ትኩሳቱ የወረደው በበሽታው ይሁን በመድኃኒቱ መለየት ያስቸግራል፤ ለሐኪሙ የተወጉትን መርፌና የተወጉበትን ሰዓት መንገር የግድ ነው።

ለዲክሎፌናክና ለአይቡፕሮፌን ቦታቸው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቺኩንጉንያ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም የጣትና የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ለሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ለወራት ሊያሳብጥ ይችላል። ይህ እብጠት የፕሮስታግላንዲን ሥራ ስላለበት ለዚያ ከፓራሲታሞል እነሱ ይሻላሉ። ደንጊው ከተገለለ፣ ሰውየው መብላትና መጠጣት ከጀመረ፣ ክሬቲኒኑ ተለክቶ ደህና ከሆነና የግፊት መድኃኒቱ ከታየ በኋላ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጨጓራው ለሚያሰጋው ከኦሜፕራዞል ጋር፣ ለአንድ ሳምንት ተሰጥቶ እንደገና ይታያል።